ጦሳ ባልትና፦ ስሙ ላለቀ ንግድ መሪ ቃል ፍለጋ

መነሻ

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ሽሮና በርበሬ የሚያዘጋጁ እናት አሉ። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው። እስካሁን ደንበኛ ቤታቸው ድረስ እየመጣ በኪሎ ይገዛቸው ነበር። አሁን በግማሽ ኪሎና በአንድ ኪሎ አሽገው ለሱቆች ሊያስረክቡ ነው። ስሙ አልቋል፦ ጦሳ ባልትና። ንግድ ፈቃዱ በዚህ ስም ወጥቷል፤ ማህተሙም ተቀርጿል። የእኔ ሥራ ከስሙ ስር የምትቀመጥ አጭር መሪ ቃል ማውጣትና የከረጢቱን ሌብል መሥራት ነው።

ስምና መሪ ቃል አብረው ሲወጡ አንዱን ለሌላው ማስተካከል ይቻላል። እዚህ ግን የሚንቀሳቀሰው መሪ ቃሉ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ አባባል ለብቻው ቢያምርም አይበቃም። ከ«ጦሳ ባልትና» ስር ተቀምጦ፣ ከስሙ ጋር በአንድ ትንፋሽ ሲነበብ ነው የሚፈተነው።

እጃችን ላይ አንድ አሮጌ ባነር አለ። የእትዬ ልጅ አዲስ አበባ አሠርቶ የላከው ነው፤ 2,400 ብር ወጥቶበታል። ከስሙ ስር «ከእጃችን ወደ አፍዎ» ይላል። ልጁ ለማለት የፈለገው ይገባኛል፤ በእጅ የተሠራ፣ ትኩስ፣ በቀጥታ የሚደርስ። ግን አማርኛ የሚናገር ሰው «ከእጅ ወደ አፍ» ሲባል የሚሰማው ኑሮ ነው፤ ለነገ የማይተርፍ ገቢ። ባነሩ እንደተሰቀለ አንዲት ጎረቤት አንብበው «ምነው እትዬ፣ ምን ጎደለብሽ?» አሏቸው። ባነሩ ወረደ።

ከዚህ አንድ መፈተሻ ወሰድኩ። ማንኛውንም አባባል ወረቀት ላይ ከማስፈሬ በፊት የመጀመሪያዎቹን ቃላት ብቻ እናገርና ሌላ ሰው እንዲጨርሰው አደርጋለሁ። «ከእጅ ወደ...» ሲባል ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ከሄደ፣ ያ አባባል ባለቤት አለው ማለት ነው። እኛ የፈለግነውን ብንጨምርበትም አንባቢው የሚያውቀውን ነው የሚያነበው።

ስሙ ምን ይላል፣ ምን አይልም?

ደብተሬ ላይ ገጹን ለሁለት ከፈልኩት። በአንዱ በኩል ስሙ የሚናገረውን፣ በሌላው በኩል የማይናገረውን ጻፍኩ።

«ጦሳ» ለደሴ ሰው ቦታ ነው። ከተማው ራስጌ ያለው ተራራ ስለሆነ ማብራሪያ አይፈልግም። «ባልትና» ደግሞ የሸቀጡን ዓይነት ይናገራል። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ እርድ፤ ሰው ቃሉን ሲያይ ምን እንደሚሸጥ ያውቃል። የሴት እጅና ሙያም በቃሉ ውስጥ አለ።

ስለዚህ መሪ ቃሉ ውስጥ ደሴ፣ ወሎ፣ ባህላዊ፣ የቤት፣ ሙያ የሚሉ ቃላት ቢገቡ ድግግሞሽ ይሆናሉ። ከስሙ የጎደለው «እንዴት ነው የምትሠሩት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። አንድ ሰው የታሸገ ሽሮ አንስቶ ሲያገላብጥ በሆዱ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። እርግጠኛ ለመሆን እትዬ ቤት ቁጭ ብዬ ደንበኞቻቸውን ሰማሁ። ስለ ጣዕም ብዙም አያወሩም። ደጋግመው የሚሉት «የሱቁ ጠጠር አለው»፣ «ምን እንደቀላቀሉበት አይታወቅም» ነው። እትዬ ጋ የሚመጡት እህሉ ሲለቀም በዓይናቸው ስለሚያዩ ነው። ከረጢቱ ሱቅ ሲገባ ግን ሰፌዱ አይታይም። መሪ ቃሉ መሸፈን ያለበት ይህን ክፍተት ነው ብዬ ጻፍኩና ከበብኩት።

ቤተሰቡ ያዋጣው ዝርዝር

ቤተሰቡ ሐሳብ እንዲያዋጣ አደረግኩ። በብዛት የመጣው «የእናት እጅ»፣ «የእናት ጣዕም»፣ «የቤትዎ ጣዕም» የሚል ነው። እነዚህን አንድ በአንድ የጎረቤት ባልትና ስም ስር አስገብቼ አነበብኳቸው። ሁሉም ያለምንም ችግር ገቡ። ስም ቢቀየርም የሚሠራ መሪ ቃል ከዚህ ስም ጋር ገና አልተጣመደም። እትዬ «የእናት እጅ»ን ስለወደዱት ትንሽ ተከራከርን። በመጨረሻ አምስት የከረጢት ንድፍ፣ አምስት የተለያየ ስም ያለው፣ ሁሉም ስር «የእናት እጅ» የተጻፈበት አትሜ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩላቸው። ዝም ብለው አዩት። «የኔ የትኛው ነው?» አሉ።

«ቀምሰው ይፍረዱ» የሚለውም ቀረበ። ጥሩ አማርኛ ነው፤ አክብሮትም አለው። ግን በአማርኛ ሰውን ማዘዝ ስንጀምር ወዲያው ጾታና ማዕረግ ይመጣል። ቅመስ ካልን ወንድ ነው፣ ቅመሺ ካልን ሴት ናት፣ ቅመሱ ካልን ብዙ ነው፣ ይቅመሱ ካልን አንቱታ ነው። የእትዬ ደንበኞች ከአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ እስከ አዛውንት ናቸው። አንቱታው ሁሉንም ያካትታል፤ ግን ለወጣቷ ይርቃታል። በዚያ ላይ እትዬ ራሳቸው «ቅመሺው እስኪ» ነው የሚሉት። መሪ ቃሉ ባለቤቷ በማትናገረው አነጋገር ከተጻፈ የተዋሰችው ይመስላል። ስለዚህ ትእዛዝን ሙሉ በሙሉ ተውኩ።

የእትዬ የልጅ ልጅ «አብሽሪ» ይሁን አለች። ወሎ ላይ ይህ ቃል የሚሰጠውን ሙቀት አውቀዋለሁ፤ አይዞሽ ማለት ብቻ አይደለም፣ ሐሳብ አይግባሽ የሚል እፎይታም አለው። ግን ያው የጾታ ጉዳይ እዚህም አለ፤ አብሽር፣ አብሽሪ፣ አብሽሩ። ደግሞም ስለ ሽሮው ምንም አይልም። ልጅቷ ስትከፋ «ለሱቆች በምንልከው ደረሰኝ ጀርባ ላይ እናስገባዋለን» አልኳት፤ ይህን ስል ከልቤ ነው።

ከስሙ ጋር ጮክ ብሎ ማንበብ

ከዚህ በኋላ የቀሩትን ሁሉ ከስሙ ጋር ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ወረቀት ላይ የማይታዩ ነገሮች የሚወጡት እዚህ ነው።

አንደኛው የስሙ መጨረሻ ነው። «ባልትና» የሚያልቀው በ«ና» ነው። መሪ ቃሉ በ«አ» ከጀመረ ሁለቱ ይጋጠማሉ። «ጦሳ ባልትና፣ አምነው ይግዙ» የሚለውን በፍጥነት ሲሉት «ባልትናምነው» ይሆናል። ሌብል ላይ መስመር ስለሚለያቸው ችግር የለውም። ስልክ ላይና መኪና ላይ በሚለቀቅ ማስታወቂያ ግን አንዱ ሌላውን ይበላዋል። ስለዚህ በ«አ» የሚጀምሩትን ሁሉ ወደ ጎን አደረግኩ። በተነባቢ ድምፅ፣ ለምሳሌ በ«ለ»፣ በ«ተ» ወይም በ«ከ» የሚጀምር ቃል ከ«ና» በኋላ ግልጽ ሆኖ ይወጣል።

ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው። ፊደላችን ይህን አያሳይም። «ሁሌም ይበላል» የሚል ሐሳብ ነበረ፤ ሰው አይሰለቸውም ለማለት። «በ» ሳትጠብቅና «ላ» ሳትጠብቅ ካነበብነው ግን የሆነ ሰው ሁልጊዜ እየበላ ነው ማለት ይሆናል። ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ዙሪያው ያለው ቃል ይረዳናል። መሪ ቃል ግን ብቻውን ነው የሚቆመው። ስለዚህ እያንዳንዱን ለማያውቁት ሰው ወረቀቱን ብቻ ሰጥቼ አስነበብኩ። አንባቢው ቆም ካለ ወይም ወደ ኋላ ተመልሶ ካነበበ ይወድቃል። ልክ አድርጎ ቢጨርሰውም ያ መቆም በቂ ምልክት ነው።

ሦስተኛው «ጠጠር የለውም» የሚለው ነው። ይህን መጣል ከበደኝ። የደንበኛው ቅሬታ ራሱ ነው፤ አጭር ነው፣ እውነት ነው። ግን «ጦሳ ባልትና፣ ጠጠር የለውም» ብላችሁ እስኪ አንብቡት። ጦ እና ጠ በድምፅ ይያያዛሉ። በዚያ ላይ ጦሳ ተራራ ነው። ተራራና ጠጠር ጎን ለጎን ሲመጡ «የለውም» የሚለው ይጠፋና ድንጋዩ ይቀራል። ሱቅ ላይ ለጥፌ ለአፍታ ብቻ ያሳየኋቸው ሰዎች ቆይቼ ምን አነበባችሁ ስላቸው ጠጠርን አስታውሰዋል፤ «የለውም»ን ግን ሁሉም አላስታወሱትም። በሌላ ስም ስር ይሠራ ይሆናል። ከዚህ ስም ጋር አይሄድም።

ከሰፌዱ የመጣው

አንድ ቅዳሜ እትዬ ግቢ ውስጥ ሴቶቹ ሽምብራ ሲለቅሙ አየሁ። በሰፌድ ያንቀረቅባሉ፣ ያበጥራሉ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው ጠጠሩን፣ የተነቀዘውንና እንክርዳዱን በጣት ያወጣሉ። ከዚያ ይቆላል፣ ይከካል፣ ገለባው ይነፋል፣ ቅመሙ ይገባል፣ በመጨረሻ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። «ከዚህ ሁሉ ሌላው የሚዘለው የቱን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳያስቡ «መልቀሙን» አሉ። ጊዜ የሚበላው እሱ ነው። ከተፈጨ በኋላ ደግሞ ማንም አያውቅም።

መጀመሪያ የጻፍኩት «ተለቅሞ የተፈጨ» የሚል ነበር። ጆሮ ላይ ጥሩ ነው። ከስሙ ጋር ሲሆን ግን ሁለት ችግር አለው። «የተፈጨ» ከኋላው ስም ይጠብቃል፤ ምኑ ነው የተፈጨው? አንባቢው ወደ ላይ ተመልሶ የሚያገኘው ስም «ባልትና» ነው። ባልትና ሙያ ነው፤ ሙያ አይፈጭም። ስሙ «ጦሳ ሽሮ» ቢሆን ኖሮ ይህ አባባል ልክክ ይል ነበር።

ከዚያ ድርጊቱን ለሠሪዎቹ ሰጠሁት፦

ጦሳ ባልትና
ለቅመን እንፈጫለን

አሁን ተናጋሪ አለ። ላይ ያለው ስም የቤቱ ነው፤ ታች ያለው የቤቱ ሰዎች ቃል ነው። በ«ለ» ስለሚጀምር ከ«ና» ጋር አይጋጭም። ጾታ የለበትም፣ ማንንም አያዝም። «እንፈጫለን» በጥብቀት ሲነበብ ተፈጪዎቹ እኛው ነን የሚል ትርጉም ቢኖረውም፣ «ለቅመን» ቀድሞ ስለሚመጣ ማንም እንደዚያ አላነበበውም። የጎረቤቱ ስም ስር ሳስገባው ደግሞ ጥያቄ ያስነሳል፤ እነሱ ይለቅማሉ ወይ? ማለት የሚችለው የሚለቅም ብቻ ነው።

እትዬ አንድ ጥያቄ አነሱ፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። «በርበሬውስ? በርበሬ እኮ ይቀነጠሳል ነው የሚባለው።» እውነት ነው፤ ለዛላ በርበሬ ቃሉ መቀንጠስ ነው። መሪ ቃሉ ደግሞ ለሁለቱም ነው። ለበርበሬ ብቻ «ቀንጥሰን እንፈጫለን» እናድርግ የሚል ሐሳብ መጣ። እኔ አልተስማማሁም። አንድ ስም ሁለት መሪ ቃል ከያዘ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሁለት ቤት ይመስላል። ቆይተው እትዬ ራሳቸው ፈቱት፦ «ከመቀንጠሱ በፊት እኮ የሻገተውንና የነጣውን እናወጣለን። እሱም መልቀም ነው።» ሴቶቹንም ጠየቅናቸው፤ ተስማሙ። አንድ ቃል ለሁሉም ሆነ።

በአንድ መስመር ሲጻፍ

ሌብሉ ላይ ሁለት መስመር ነው። ደረሰኝ፣ የቴሌግራም ቻናል ስምና የመኪና በር ላይ ግን አንድ መስመር ይሆናል። እዚያ ላይ ችግር አገኘሁ። «ጦሳ ባልትና ለቅመን እንፈጫለን» ተብሎ በተከታታይ ሲጻፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። አማርኛ ላይ ተሳቢው ከግሱ በፊት ስለሚመጣ፣ ጦሳ ባልትና የሚባል ነገር ለቅመን እንፈጫለን የሚል ይመስላል። ባለ ወፍጮው ጋሼ እንዲያውም ልክ እንደዚያ ነው ያነበቡት።

መፍትሔው ሥርዓተ ነጥብ ነው። ሰረዝ ሞከርኩ፤ ትንሽ ሲሆን ይጠፋል። ነጠላ ሰረዝም ገባ፤ አላቆመም። የሠራው ፦ ነው፦ «ጦሳ ባልትና፦ ለቅመን እንፈጫለን»። እነሆ የሚሉት ይህ ነው የሚል ስሜት ይሰጣል። ስለዚህ ደንብ አድርጌ ጻፍኩት፤ ሁለት መስመር ከሆነ ያለ ነጥብ፣ አንድ መስመር ከሆነ በ፦። መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ አይገባም።

ስልክ ላይ ደግሞ እትዬ ስሙን ብለው ትንፋሽ ወስደው ነው መሪ ቃሉን የሚሉት። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ባለ ሱቅ በስልክ አንዴ ሰምቶ መልሶ በትክክል ነገረኝ። አዲስ አበባ ያለች ዘመዳቸው ግን «ጦሳ ምንድን ነው?» አለች። ስሙ ቦታ መሆኑ ከወሎ ሲወጣ ይደበዝዛል። መሪ ቃሉ ውስጥ ደሴን እንጨምር የሚል ግፊት መጣ። ቢጨመር «ከደሴ ለቅመን እንፈጫለን» ይሆናል፤ መልቀሙ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ሽምብራውም ከደሴ የተለቀመ ይመስላል። ቦታውን ለአድራሻው መስመር ተውኩት። ከሌብሉ ግርጌ፣ ከክብደቱ አጠገብ «ደሴ፣ ወሎ» ተጻፈ።

ህትመት

የግማሽ ኪሎው ሌብል ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 7 ነው። ስሙ ስድስት ፊደል ነው፤ መሪ ቃሉ አሥር። መሪ ቃሉን የስሙን ግማሽ ቁመት ስሰጠው ስፋቱ ከስሙ በትንሹ አጠረ፤ ስር ሆኖ ደገፈው። ከስሙ ሲሰፋ ግን ከላይ ያለው ስም ጠባብ መሰለ። ረዘም ያለ መሪ ቃል ቢሆን ይህን ቁመት መያዝ አይችልም ነበር።

የመጀመሪያውን ናሙና በወፍራም ፎንት አተምኩ። «ጫ» እግሩ ውስጥ ቀለም ሞላና ከ«ጨ» ጋር ተምታታ፤ ከሩቅ «እንፈጨለን» ይላል። ስክሪን ላይ አጉልቼ ሳየው ይህ አልታየም ነበር። ስሙን በወፍራሙ ትቼ መሪ ቃሉን በመካከለኛ ውፍረት አደረግኩት፤ በፊደላቱ መካከልም ትንሽ ክፍተት ጨመርኩ። ከዚያ በትክክለኛ መጠኑ አትሜ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩና ከባንኮኒው ውጭ ቆሜ አነበብኩ። ተነበበ። የናሙና ስቲከር በገጽ 80 ብር ነው፤ ይህ ወጪ መቀነስ የለበትም፤ ምክንያቱም ሙሉው ህትመት ከተሳሳተ የሚጣለው ጥቅል ነው።

አሁን ያለንበት

የሽሮው ሌብል ታዟል። የበርበሬው ሌብል ቀይ መደብ ስለሆነ ነጭ ጽሑፍ ነው የሚሆነው፤ ነጭ ፊደል በቀለም ሲከበብ ይቀጥናል፤ ስለዚህ መሪ ቃሉን እዚያ ላይ አንድ ደረጃ ማወፈር ሊያስፈልግ ይችላል። ናሙናው ሐሙስ ይደርሳል። የልጅቷ «አብሽሩ» ከደረሰኙ ጀርባ ገብቷል፤ በብዙ ቁጥር።

እትዬ ደግሞ አንድ ነገር ወስነዋል። ሥራ ሲበዛ እህል የተለቀመ እየተባለ ከሚሸጥበት ሊገዙ አስበው ነበር። ሌብሉን ካዩ በኋላ ትተውታል። ሁለት ተጨማሪ ለቃሚ ሊቀጥሩ ነው።